በ«ጠፋ» የተፋሁ ዕለት

ሦስት ሳምንት አለፈ። አሁንም ጥርሴን ልፍቅ መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ያቺ ጠብታ ትመጣብኛለች።

የሥነ ልሳን መግቢያ ክፍለ ጊዜ ነው፤ የዕለቱ ርዕስ ፎኒምና አሎፎን። ፎኒም ማለት በሌላ ሲተካ የቃሉን ትርጉም የሚለውጥ ድምፅ ነው። ይህን ርዕስ ያስተማረ ሰው ሁሉ የወረቀቷን ዘዴ ያውቃታል። ስስ ወረቀት ከከንፈርህ ፊት ትይዛለህ። በእንግሊዝኛ «ፒን» ስትል ወረቀቱ ይርገበገባል፣ «ስፒን» ስትል ጸጥ ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃል የምትጀምረዋን «ፕ» ትንፋሽ አስከትሎ ነው የሚለቃት፤ ከ«ስ» ኋላ ስትመጣ ግን ትንፋሹ ይቀራል። ድምፆቹ ሁለት ናቸው፣ ተናጋሪው ግን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። «ስፒን»ን በትንፋሽ ብትለው «አነጋገሩ ግር ይላል» ይልህ ይሆናል እንጂ ሌላ ቃል አይሰማም። የአንድ ፎኒም አሎፎኖች ማለት ይኸው ነው።

ማታ ቤት ተለማምጄ ሠርቶልኝ ነበር። ክፍል ገብቼ «ፒን» አልኩ፣ ወረቀቱ ተርገበገበ። «ስፒን» አልኩ፣ ከበፊቱ ብሶበት ተርገበገበ። ደገምኩት። ከኋላ አንዱ «ሁለቱም አንድ ናቸው ማለት ነው?» አለ። ዝም አልኩት።

ጥፋቱ የገባኝ ወደ ቤት ስሄድ ነው። ደንግጬ በአማርኛ አፌ ነው ያልኩት፤ በ«ስ» እና በ«ፕ» መሐል ቅንጣት አናባቢ ሾልካ ገብታለች። አናባቢ ከገባች ደግሞ «ፕ» ከ«ስ» ተለያይታ የራሷን ክፍለ ቃል ትጀምራለች፤ ትንፋሿም አብሯት ይመጣል። እዚህ ላይ ፊደላችንን ሳልወቅሰው አላልፍም። «ስም» የሚለውን ቃል እዩት፦ ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ «ስ» አናባቢ አላት፣ «ም» የላትም። የትኛዋ እንዳላት በምን ይታወቃል? በግምት! በዓሉ «ገና» እና «ገና አልመጣም» ያልነው «ገና» የሚለዩት በመጥበቅና በመላላት ብቻ ነው፤ ሲጻፉ ግን መንታ ናቸው። ትርጉም የሚለየውን ልዩነት ሳይጽፍ፣ አንዷን «ሰ» ለመጻፍ ግን ሁለት ፊደል ይሰጠናል። ተማሪዎቼ «ሰ እና ሠ ሁለት ፎኒም አይደሉም ወይ?» ሲሉኝ የምናደደው በእነሱ አይደለም።

ወደ ውርደቴ ልመለስ። ክፍሉን ለማዳን ወደ አማርኛ ዞርኩ። «ተፋ» እና «ጠፋ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የሚለያዩት በመጀመሪያ ድምፃቸው ብቻ ነው፣ ትርጉማቸው ደግሞ ሌላና ሌላ። ስለዚህ «ት» እና «ጥ» በአማርኛ ሁለት ፎኒሞች ናቸው። «ት» ስትባል አየሩ ከሳንባ ይመጣል። «ጥ» ላይ ግን ጉሮሮ ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይገፋል፣ አፍ ውስጥ የታፈነችው ትንሽ አየር ብቻ ፈንድታ ትወጣለች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ መምህር ነበርኩ።

ምን አስቸኮለኝና ወረቀቱን እንደገና አነሳሁት? «ት» ላይ ይርገበገባል፣ «ጥ» ላይ ጸጥ ይላል ብዬ ነበር።

«ተፋ» አልኩ፣ ተርገበገበ። «ጠፋ» አልኩ፣ ተርገበገበ። ምክንያቱም ሁለቱም ቃላት ውስጥ «ፍ» አለች፣ ያውም ጠብቃ! «ፍ» ማለት እኮ በታችኛው ከንፈርና በላይኛው ጥርስ መሐል እፍ ማለት ነው። ወረቀቱን ያንቀሳቀሰችው እሷ ነች። «መታ» እና «መጣ» ብዬ ብመርጥ ኖሮ ዛሬ በሰላም ጥርሴን እፍቅ ነበር። እኔ ግን «ጥ»ን የበለጠ ባፈነዳት የሚሻል መስሎኝ ሙሉ ኃይሌን ሰብስቤ «ጠፋ!» አልኩ።

ጠብታዋ ያኔ ወጣች። ቸኩላ አልወጣችም። በወረቀቱ ጫፍ አልፋ፣ በመስኮቱ ብርሃን እያንጸባረቀች፣ አርባ ተማሪ እየተከተላት ተጓዘች። እኔም ተከተልኳት። በዚያ ጉዞ ውስጥ የተማርኩበትን ዘመን በሙሉ ከለስኩ ብል አልዋሸሁም። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ተማሪ ደብተር ላይ፣ «ፎኒም» ብላ አሳምራ በጻፈችው ርዕስ ላይ፣ «ም» ላይ አረፈች። ቀለሙ ተበተነ። «ፎኒ» ብቻ ቀረ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ከኋላ የጠየቀኝ ልጅ እጁን አወጣ፤ ቁም ነገር ሊጠይቅ መስሎኝ ዕድል ሰጠሁት።

«ቲቸር፣ ‹ተፋ› ሲሉ አልተፉም እኮ። የተፉት ‹ጠፋ› ሲሉ ነው። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?»

የሚያናድደው ጥያቄው ትክክል መሆኑ ነው።

በሳምንቱ ስገባ የፊተኛው ረድፍ ባዶ ነበር። «የት ጠፋችሁ?» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት።