መዳፏ ያልጠቆረው እናት

ሐረር ውስጥ በውስጥ ደዌ ክፍል መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከገጠር የመጣች የ34 ዓመት እናት አልጋ ያዘች። ከተኛችበት ስትነሣ ያዞራታል፤ ምግብ ከጠላች ወራት አልፈዋል፤ ሌላው ሰው ሙቀት በሚሰማው ሰዓት እንኳ እሷ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። የደም ግፊቷ 85/50፣ የደም ስኳሯ 58፣ ሶዲየሟ ዝቅ ብሎ 119 ሲሆን ፖታሲየሟ ግን ደኅና፣ 4.2 ነበር።

ከኩላሊት በላይ ያሉት የአድሬናል እጢዎች መዳከም በሐሳቤ መጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ የተማርኩት በሽታ የጠቆረ ቆዳ፣ የጨው አምሮትና ከፍ ያለ ፖታሲየም ያለበት ስለ ነበረ፣ ከነዚህ አንዱንም ባላገኝባት ጊዜ ሐሳቡን ትቼው አለፍኩ። የታይሮይድ ሆርሞኗ ዝቅተኛ ሆኖ በመገኘቱ ሌቮታይሮክሲን አዘዝኩላት። ታይሮይድን የሚያዝዘውና ታይሮይድ በራሱ ሲደክም ከፍ ማለት የሚገባው የፒቱታሪ ሆርሞን ቲኤስኤች 2.1 ብቻ መሆኑን አይቼ ነበር፤ ለምን እንዳልጨመረ ግን አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ቀን ማስታወክ ጀመረች፤ ግፊቷ ወደ 70/40 ወረደ፤ ንግግሯም ተጎተተ።

በዚያ ጠዋት ተረኛ የነበረችው ሲስተር ወደ አልጋው ጠራችኝ። የበሽተኛዋን እጅና የታላቅ እህቷን እጅ በመስኮቱ ብርሃን ጎን ለጎን ዘርግታ፣ «ዶክተር፣ መስመሮቹን ይዩልኝ» አለችኝ። የጤነኛዋ እህት የመዳፍ መስመር ጠየም ያለ ነው፤ የበሽተኛዋ ግን ከእሱም የገረጣ ነበር። ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ይህን ምልክት ፊት ላይ ከመፈለግ የመዳፍን መስመር፣ ድድንና ጠባሳን ከቤተሰብ ጋር አነጻጽሮ ማየት ይሻላል። ሲስተር ቀጥላ፣ «የብብት ፀጉርም የላትም። የመጨረሻ ልጇን ቤት ስትወልድ ደም ፈሷት ራሷን ስታ ነበር አሉ። ጡቷ ወተት አልያዘም፤ ልጁ በላም ወተት ነው ያደገው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት የወር አበባም አላየችም።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ተገጣጠመልኝ። ከአንጎል ሥር ያለውና በእርግዝና ጊዜ የሚያድገው የፒቱታሪ እጢ በከባድ የወሊድ ደም መፍሰስ ደም ሲያጥረው ይሞታል፤ ይህም የሺሃን በሽታ ይባላል። አድሬናል ራሱ ሲጎዳ ፒቱታሪ እሱን የሚገታውን ኮርቲሶል ስለሚያጣ፣ አድሬናል ኮርቲሶል እንዲያመነጭ የሚያዝዘውን ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፤ ቆዳን የሚያጠቁረውም የቀለም ሴሎችን የሚቀሰቅሰው ይህ ብዛት ነው። በእሷ ግን የጎደለው ራሱ ኤሲቲኤች ስለ ነበረ ቆዳዋን የሚያጠቁር ነገር አልነበረም።

የጨው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ጨውን በሰውነት የሚያቆየውና ፖታሲየምን በሽንት የሚያስወጣው አልዶስትሮን በዋናነት የሚታዘዘው ከኩላሊት በሚነሣው ሬኒንና በራሱ በፖታሲየም መጠን እንጂ በፒቱታሪ አይደለም። ስለዚህ አልዶስትሮኗ ሥራውን ቀጥሎ ነበር፤ ፖታሲየሟም አልጨመረም። ታዲያ ሶዲየሟ ለምን ወረደ? ኮርቲሶል ሲጠፋ ውኃን በሰውነት የሚያስቀረው ሆርሞን ያለ ልጓም ይለቀቃል፤ ሶዲየሙ የቀነሰው ጨው ፈስሶ ሳይሆን በቀረው ውኃ ቀጥኖ ነው። እኔ የሰጠኋት ሌቮታይሮክሲን ደግሞ የቀረቻትን ጥቂት ኮርቲሶል ሰውነቷ ፈጥኖ እንዲያስወግዳት አደረገ። ከኮርቲሶል በፊት መስጠት አይገባኝም ነበር።

ለምርመራ ደም ወስደን ውጤቱን ሳንጠብቅ ኮርቲሶልን የሚተካ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ሰጠናት፤ ግሉኮስና ሴላይንም አስከተልን። ማምሻውን የሽንት ከረጢቷ በፍጥነት መሙላት ጀመረ። ታግቶ የነበረው ውኃ መውጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሶዲየም በአንድ ቀን ከ8 በላይ ከዘለለ አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል በየስድስት ሰዓቱ እየለካን፣ ሲፈጥንብን ሴላይኑን አቁመን ውኃ በአፏ ሰጠናት። በማግስቱ ጠዋት 126 ደረሰ። ተቀምጣ ሾርባ ጠጣች።

የኮርቲሶሉ ውጤት በጣም ዝቅተኛ፣ 1.8 ሆኖ የደረሰን ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ሌቮታይሮክሲኑን የመለስንላት ኮርቲሶሉ ከተተካ በኋላ ሲሆን፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ በኮርቲሶል ፋንታ ጠዋት ጠዋት የምትወስደው 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ተሰጣት። አልዶስትሮኗ ደኅና ስለሆነ እሱን የሚተካ መድኃኒት አላስፈለጋትም። ሲስተር በኦሮምኛ ለእሷም ለእህቷም ደጋግማ አስረዳቻቸው፦ ትኩሳት ከያዛት መጠኑን እጥፍ ታድርግ፤ ካስታወካት ክኒኑ ስለማይቆይ ለመርፌ ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትምጣ፤ ደኅና ሆንኩ ብላ ግን በፍጹም አታቋርጥ። እህቷ የተባለችውን በራሷ አነጋገር መልሳ እስክትነግራት ድረስ ሲስተር ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም።