ከባቲ ገበያ ስመለስ የጠፋብኝን መታወቂያ በቃለ መሃላ እንዴት እንዳስተካከልኩ

የልጆች ልብስ ነው የምነግደው፣ ቤቴ ደሴ ነው፣ ሰኞ ሰኞ ደሞ ባቲ እወርዳለሁ። የባቲን ሰኞ ገበያ ያየ ያውቀዋል፣ ከአፋር በኩል የሚወጣው ከደጋ የሚወርደው ሁሉ እዛ ነው የሚገናኘው፣ ግመሉ በሬው እህሉ ጨርቁ አንድ ላይ ስለሆነ ግፊያው ሌላ ነው። እሁድ ማታ ኮምቦልቻ አደርኩ፣ ጠዋት በሚኒባስ ባቲ ወረድኩ፣ ሸጬ ከሰዓት ተመልሼ ደሴ ገባሁና ባንክ ብር ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት የቀበሌ መታወቂያዬ የለም። ብሩ አለ፣ ኤቲኤም ካርዱ አለ፣ የንግድ ፈቃዴ ኮፒ ሳይቀር አለ፣ መታወቂያው ብቻ የለም።

ከዛ በኋላ ያለውን ጣጣ ነው የምጽፈው፣ በተለይ ቃለ መሃላው ላይ ምን ተጽፎ ምን እንደማይጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ ወረፋው ነው የሚያወራው እንጂ ስለ ወረቀቱ ይዘት የሚነግራችሁ የለም።

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሄድኩት። እዛ የጠፋበትን ሁኔታ ተናግሬ መዝገብ ላይ ሰፈረልኝና ለቀበሌ የሚሰጥ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ይሄን ይዤ ቀበሌ ስሄድ ግን ልጅቷ አይታው «ወንድሜ ይሄ ብቻ አይበቃም፣ ቃለ መሃላ ጨምርበት» አለችኝ። ተናድጄ ነበር እውነት ለመናገር፣ በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ገባኝ። የፖሊሱ ደብዳቤ የሚለው «ይሄ ሰውዬ መጥቶ ጠፋብኝ ብሎ አመልክቷል» ነው፣ በቃ፣ ፖሊሱ አብሮኝ ሚኒባስ ላይ አልነበረ። ቃለ መሃላው ላይ ግን ኃላፊነቱን የምወስደው እኔ ነኝ፣ በሐሰት ከሆነ የማልኩት በወንጀል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሁሉም ቀበሌ ይሄን ይጠይቃል ማለት አይደለም፣ በፖሊስ ደብዳቤ ብቻ የሚጨርሱም አሉ፣ ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ቀበሌ ጠይቁ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያው እንደሁሌው ራፖር ጸሐፊዎቹ ኮምፒውተራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንድ ጋሼ ጋ ቁጭ አልኩ፣ «አብሽር፣ ይሄማ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው» አሉኝና የሌላ ሰው የተጻፈበትን ፋይል ከፍተው ስሙን ብቻ መቀየር ጀመሩ። ስክሪኑን እያየሁ ነው፣ «በጉዞ ላይ እያለሁ ባልታወቁ ግለሰቦች ተሰርቆብኛል» ይላል። ጋሼ ይሄ ይውጣ አልኳቸው። «ምን ለውጥ አለው ልጄ ያው ጠፋ አይደል?» አሉኝ።

ለውጥ አለው። መሰረቁን አላየሁም፣ አላውቅም፣ ሌባ ቢሆን ብሩን ትቶ ካርቶኗን ይዞ የሚሄድ አይመስለኝም፣ ምናልባት ሂሳብ ስከፍል ከብር ጋር ተጣብቃ ወድቃ ይሆናል። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ መማል የለብኝም፣ ሁለተኛ ደሞ የፖሊሱ ደብዳቤ «ጠፍቶብኛል» ነው የሚለው፣ ቃለ መሃላው «ተሰርቆብኛል» ካለ ሁለቱ ወረቀት አይገናኝም፣ ቀበሌ ላይ ያለው ሰው ትንሽ ጠንቀቅ ያለ ከሆነ ይመልሳችኋል። ተሰረቀ ካላችሁ ደሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የት ከሰስክ፣ ማንን ትጠረጥራለህ፣ ምስክር አለህ ወይ ይመጣል። በርግጥ ሲሰረቅ ካያችሁ ሳትፈሩ ተሰረቀ በሉ፣ ያኔ ግን ፖሊስ ጋም ከመጀመሪያው እንደዛ ብላችሁ ነው ማመልከት ያለባችሁ።

ቀጥሎ ያስቸገረን የት ጠፋ የሚለው ነው። ጋሼ «ባቲ ከተማ ውስጥ» ብለው ሊጽፉ ነበር። እኔ ግን ባቲ ይሁን ኮምቦልቻ መናኸሪያ ይሁን መኪና ውስጥ ይሁን በምን አውቃለሁ? ለእኛ ከከተማ ከተማ ለምንዞር ሰዎች ትልቁ ችግር ይሄ ነው። መፍትሄው ቦታ መገመት ሳይሆን ሁለት ጫፍ መስጠት ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በእጄ መኖሩን የማውቀው መቼና የት ነው፣ አለመኖሩን ያወቅኩት መቼና የት ነው፣ መሃሉን ክፍት ተዉት። የኔ የመጀመሪያው ጫፍ ኮምቦልቻ ያደርኩበት ፔንሲዮን ነው፣ አልጋ ስይዝ መታወቂያ አሳይቼ ስሜንና ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጽፈውታል። ሁለተኛው ጫፍ ደሴ ባንኩ ነው።

የፔንሲዮኑ መዝገብ ሌላም ጠቅሞኛል። የመታወቂያውን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፣ ማንስ ያውቃል፣ ቁጥር የሌለው ቃለ መሃላ ደሞ የትኛው መታወቂያ እንደጠፋ አይለይም። ፔንሲዮኑ ደውዬ ስልኩን ያነሳችውን ልጅ «እህቴ እስቲ የእሁድን ገጽ እዪልኝ» ስላት አነበበችልኝ። መዝገብ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ሊሳሳት ስለሚችል ባንክ አካውንት ስከፍት ካስቀመጥኩት ኮፒ ጋር አስተያየሁት፣ አንድ ነው። ፔንሲዮን ያላደረ ሰው ባንኩን፣ ወይ ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ ያስገባውን ፋይል፣ ወይ ቴሌግራም ላይ ለሆነ ሰው የላከውን ፎቶ ይፈልግ።

ከስንት ክርክር በኋላ የወጣው ጽሁፍ ይሄን ይመስላል፣ ስምና ቁጥሩን አውጥቼዋለሁ፦

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

የቃለ መሃላ ማረጋገጫ

አመልካች፦ (ስም ከነአያት)፣ አድራሻ፦ ደሴ ከተማ (ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር)

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው አመልካች የሚከተለውን በመሃላ አረጋግጣለሁ፦

1. በንግድ ሥራ የምተዳደር ስሆን፣ በምኖርበት ቀበሌ የተሰጠኝ ቁጥሩ (…) የሆነ የነዋሪነት መታወቂያ ነበረኝ።

2. ይህንኑ መታወቂያ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በኮምቦልቻ ከተማ አልጋ ስይዝ አሳይቼ መልሼ የተረከብኩ ሲሆን፣ በማግስቱ ኅዳር 9 ቀን ወደ ባቲ ከተማ ለንግድ ተጉዤ ወደ ደሴ ከተመለስኩ በኋላ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በእጄ አለመኖሩን አውቄአለሁ።

3. በዚህ ጊዜ ውስጥ በየትኛው ቦታና በምን ሁኔታ እንደጠፋ አላውቅም። ፈልጌ አላገኘሁትም፤ መጥፋቱንም ለፖሊስ አመልክቻለሁ።

4. መታወቂያውን ለማንም ሰው አልሰጠሁም፣ በመያዣነት ወይም በዋስትና አላስያዝኩም፣ በሕግ አካልም አልተወሰደብኝም።

5. መታወቂያው ወደፊት ቢገኝ ለሰጠኝ ቀበሌ ወዲያውኑ እመልሳለሁ፤ ከምትኩ ጋር በአንድነት አልገለገልበትም።

ከላይ የገለጽኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።

አራተኛዋን ተራ ነገር አድርጋችሁ እንዳታልፏት። ነጋዴ መሃል መታወቂያ መያዣ ማድረግ የተለመደ ነው፣ ዕቃ በዱቤ ወስዶ መታወቂያ አስይዞ የሚሄድ አለ፣ ከዛ ጠፋብኝ ብሎ ምትክ ያወጣል። ቀበሌዎቹ የሚፈሩት እሱን ነው፣ ቃለ መሃላ የሚያስጨምሩትም በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ መታወቂያችሁ የሆነ ሱቅ ውስጥ ተይዞ ከሆነ ይሄን ወረቀት በጭራሽ አታስጽፉ፣ ባለ ሱቁ አንድ ቀን ይዞት ብቅ ካለ የማላችሁበት ወረቀት ራሳችሁ ላይ ማስረጃ ነው የሚሆነው።

ጽሁፉ ሲያልቅ ጋሼ እስክሪብቶ ሰጡኝ፣ አልፈረምኩም። የሚፈረመው ውስጥ ገብታችሁ፣ የሚያስምለው ሰው ፊት ነው፣ ቀድሞ የተፈረመ ወረቀት ይዘው ገብተው ሂዱ እንደገና አስጽፉ የተባሉ ሰዎች አይቻለሁ። ውስጥ ደሞ የሚገርመው ነገር ማንነትህን አሳይ ይላሉ፣ ማንነቴ ነው እኮ የጠፋው! ደግነቱ ፓስፖርት ቤት ነበረኝ። ፓስፖርትም መንጃ ፈቃድም የሌለው ሰው ምን ተቀባይነት እንዳለው ከመሰለፉ በፊት ይጠይቅ፣ ከኔ ፊት የነበረው ልጅ የሚያውቁት መታወቂያ ያላቸው ሰዎች ይዞ እንዲመጣ ነው የተነገረው።

የሚያስምሉት ሴትዮ ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡልኝ፣ ሶስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «የት እንደጠፋ አታውቅም?» አሉኝ፣ አላውቅም አልኩ፣ «ጥሩ» ብለው ቀጠሉ። ከዛ ቆሜ ማልኩ፣ ፊታቸው ፈረምኩ፣ የቴምብሩን ከፍዬ ማህተም ተደረገበት።

ስም ላይ ትንሽ ልበል። የአያቴ ስም ኃይሉ ነው፣ ጋሼ በራሳቸው «ሀይሉ» ብለው ጽፈውት ነበር። ቀበሌ ያለው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ግን በ«ኃ» ነው። ብዙ ቦታ ማንም አያየውም፣ አንዳንድ ቦታ ግን የአንድ ሰው ስም መሆኑን አስመስክር ያስብላል፣ እሱ ደሞ ሌላ መዝገብ ሌላ ወረፋ ነው። እንዲጻፍ ያደረግኩት የንግድ ፈቃዴ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ነው፣ ፈቃዱ የወጣው በቀበሌ መታወቂያው ስለሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ማህተም ያለበት ኦሪጅናል ከአንድ በላይ አድርጋችሁ አስወጡ። ቀበሌው አንዱን ፋይል ውስጥ ያስቀረዋል፣ አይመልስም፣ ኮፒ ውሰዱ ስትሉትም አይሰማም። እኔ በሶስት ነው ያስጻፍኩት። ቀበሌ አንዱን ከፖሊሱ ደብዳቤና ከጉርድ ፎቶ ጋር ሰጥቼ ምትኩን አወጣሁ፣ አዲሱ ቁጥሩም የተሰጠበት ቀንም ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለባንኩ ሰጠሁ፣ የድሮው ቁጥር የተጻፈበት አካውንት ስለሆነ አዲሱን ሲመዘግቡ ለምን ተቀየረ ብለው ጠይቀውኛል፣ በዛውም በድሮው መታወቂያ ሐዋላ ሊቀበል ወይ ብር ሊያወጣ የሚመጣ ካለ እንዲያውቁት ነግሬያቸዋለሁ። ሶስተኛው ቤት ነው፣ ንግድ ፈቃድ ለማደስ ስሄድ ይዤው ሄጄ ነበር፣ አልጠየቁኝም።