ጂ ሜጀር፣ ኢ ማይነር እና የወንድሜ ዘፈን

ወንድሜ ከአገር ሲወጣ ዘፈን ጻፍኩለት። እኔና እናቴ እስከ ጣርማ በር ሸኝተነው ነው የተመለስነው።

«ጣርማ በር ጉም ለብሷል፣ መንገዱም አይለይ፤
ሸኚው ተመለሰ፣ ሂያጁስ ቀረ ወይ?»

ግጥሙ አንድ ቀን ማታ አለቀ። ዜማውን ሞቅ ያለ ላድርገው አልኩ፤ ሙሾ እንዳይሆን፣ ግጥሙ እያዘነ ዜማው እየጨፈረ ምፀት እንዲሆን። ጊታር ያስተማረኝ ሰውዬ «ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ሐዘን» ብሎኝ ነበር። አምኜው ስንት ወር ባከንኩ! ለፈረንጅ ዘፈን ይሠራ ይሆናል። እኛ ግን ትዝታ ሜጀር የሚባል ቅኝት አለን። ሜጀር ነው፣ ናፍቆትም ነው።

ይህን የተማርኩት ደብረ ብርሃን ላይ ነው። መጀመሪያ በጓደኛዬ ሠርግ በፈጣን ችክችካ ተጫወትኩት። እስክስታው ደራ፣ እልልታው ቀለጠ። ተሳካልኝ ብዬ ነበር። ለካ ግጥሙን የሰማ አንድ ሰው የለም። በሌላ ቀን አክስቴ ቤት በጣም ዝግ አድርጌ ስጫወተው ደግሞ አክስቴ ገና ከመግቢያው እንባዋ መጣ። ኮርዱ ያው ሜጀር ነው፣ ግን ተራ ትዝታ ሆኖ አረፈው። ለእኛ ጆሮ ዘፈኑን ሞቅ የሚያደርገው ከኮርዱ ይልቅ ምቱ ነው። ስለዚህ ትከሻ የሚነካ፣ ቃል ግን የማይውጥ ፍጥነት ፈለግኩ። እያጨበጨብኩ ግጥሙን በንግግር እላለሁ፤ ምላሴ ከተደናቀፈ ፈጥኗል ማለት ነው።

ይህም ሆኖ አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። በጂ የተቃኘ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ አለው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ከእነዚህ ብቻ ሙሉ ሆነው የሚወጡት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ጂ ሜጀርና ኢ ማይነር። እጄ ሳላስበው «ቀረ ወይ» ላይ ኢ ማይነር ይይዛል። ኮርዱም «አዎ፣ ያሳዝናል» ብሎ ለግጥሙ ይመሰክርለታል። በቃ፣ ምፀቱ እዚያው ሞተ! ምፀት እንዲኖር ሙዚቃው ምንም እንዳልሰማ መሆን አለበት።

ኢ ማይነርን በሲ ሜጀር ቀየርኩት። ኢ እና ጂ የሚባሉት ድምፆች በሁለቱም ኮርዶች ውስጥ አሉ፤ የሚለየው ቢ ወደ ሲ ከፍ ማለቱ ብቻ ነው። ሲ ከቅኝቱ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ድምፃዊው አይነካውም፣ ዜማው ኢ ላይ እንዳረፈ ይቆያል። አንድ ጣት ነው፤ እኔ ግን እሱን ለማግኘት አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያሰማሁት ለእናቴ ነው። ያንን ባላደረግኩ። ትከሻዋ መነቅነቅ ጀመረ፣ ፈገግም አለች። «ቀረ ወይ» ላይ ትከሻዋ ቀጥ አለ።

«ልጄ፣ ይህን ጊታር ወዲያ በልልኝ» አለችኝ።