ለሁለቱ ባዕድ፣ ለሦስተኛው የአገር ልጅ

ከደጀን እስከ ቡሬ ያሉ ከተሞች በሚገናኙበት የእግር ኳስ ውድድር ሁለት ዓመት ዳኞችን መድቤአለሁ። ሥራውን ስረከብ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሐቀኛ ዳኛ ስሙ ባልጎደፈ ነበር።

የዘወትሩ ሥራ ቀላል ነው። ሰኞ መርሐ ግብሩ ይደርሰኛል፣ ማክሰኞ ለዳኞቹ ደውዬ ማን እንደሚመቸው እጠይቃለሁ፣ ረቡዕ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ዋና ዳኛ፣ ሁለት ረዳቶችና አራተኛ ዳኛ መድቤ ሐሙስ አሳውቃለሁ። የተሰጠኝ መመሪያ ሦስት ነገሮችን ያዛል። ዳኛው ከሚኖርበት ከተማ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም፤ ለከባድ ጨዋታ ዋና ዳኛው አንደኛ ደረጃ መሆን አለበት፤ ከተጋጣሚዎቹ ከአንዱ ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለውም አይመደብም።

ውድድሩ ሊጠናቀቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቡሬው ቡድን በ31 ነጥብ ይመራ ነበር፤ የደምበጫው በ30 ይከተላል። ቡሬ ቅዳሜ በፍኖተ ሰላም ሜዳ ከባለሜዳው ጋር ይጫወታል። አንደኛ ደረጃ ከሆኑት ዳኞቼ አራቱ ደብረ ማርቆስ ይኖራሉ። ከዚያ ፍኖተ ሰላም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መመሪያው አራቱንም አስቀረብኝ። የቀረኝ አንድ ነበር፤ የደምበጫ ልጅ፣ ነዋሪነቱም እዚያው። መንገዱ ቅርብ ነው፣ ልምዱ በቂ ነው፣ ቅጹን ባየው ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም ቡድን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሦስቱም መስፈርት ተሟላልኝና ደስ ብሎኝ ስሙን ጻፍኩ።

ጨዋታውን ከመስመሩ ዳር ሆኜ አይቻለሁ። በ83ኛው ደቂቃ የቡሬው ተከላካይ ኳሱን ስቶ የአጥቂውን ቁርጭምጭሚት መታ። ዳኛው አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር፤ ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ዘረጋ። ዛሬም ብጠየቅ ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። ፍኖተ ሰላም 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በዚያው ሰዓት ደምበጫ በሜዳው አሸንፎ በ33 ነጥብ መሪ ሆነ። የቡሬ ደጋፊዎች «የደምበጫ ልጅ ለደምበጫ ፈረደ» እያሉ ሲጮኹ ነው ያጠፋሁት የገባኝ። እኔ የመረመርኩት ሜዳ ላይ የነበሩትን ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበር። ከውጤቱ ተጠቃሚ የሆነው ሦስተኛው ቡድን ግን ሜዳው ላይ አልነበረም።

ዳኛው በመልበሻ ክፍሉ ሪፖርቱን ሲጽፍ እስክሪብቶው ከእጁ ሁለት ጊዜ ወደቀ። «ጋሼ፣ ቅጣት ምት አልነበረም?» አለኝ። «ነበር» አልኩት። ነገር ግን የእኔ «ነበር» ማለት ለእሱ ምንም አልጠቀመውም።

በማግስቱ ከበላይ ኃላፊው ጋር ተጣላን። ከደብረ ማርቆስ አንድ ዳኛ ዓርብ ሄዶ እንዲያድር ቢፈቀድ ኖሮ ሁሉም ነገር ይቀር ነበር፤ ወጪው የአንድ ሌሊት አልጋና እራት ነው። እሱ ግን «መመሪያው 60 ይላል፣ አንተም ያደረግኸው በመመሪያው ነው» ብሎ ዘጋው። አሁንም ያናድደኛል። ከእሱ ይልቅ ግን ራሴን እወቅሳለሁ፤ ረቡዕ ዕለት ደውዬ አልጠየቅሁማ።

ሦስቱ ደንቦች እኩል አይደሉም፤ መመሪያው ግን እኩል አድርጎ ደርድሯቸዋል። የርቀት ገደቡ የገንዘብና የድካም ጉዳይ ስለሆነ አበልና ማደሪያ ከተገኘ ሊጣስ ይችላል። የልምድ ጉድለትም ሁለተኛ ደረጃውን ዋና ዳኛ አድርጎ አንጋፋውን በረዳትነት አጠገቡ በማቆም በከፊል ይካካሳል። የጥቅም ግጭትን ግን ምንም አያካክሰውም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲጠብብህ እሱን ብቻ አትንካ።

የምመድብበትን ቅደም ተከተልም ቀይሬአለሁ። መመሪያው በመርሐ ግብሩ ተራ፣ በቅርብ ካለው ዳኛ ጀምር ይላል። እኔ ግን ብቁ ዳኛ ከሚያንስበት ጨዋታ እጀምራለሁ። በደብተሬ ላይ ጨዋታዎቹን ወደ ታች፣ ዳኞቹን ወደ ጎን ጽፌ የማይቻለውን በእርሳስ እሰርዛለሁ፤ በአንድ መስመር ሁለት ስም ብቻ ከቀረ ያ ጨዋታ ይቀድማል። ከመሰረዜ በፊት የነጥብ ሰንጠረዡን አጠገቤ ዘርግቼ ለዋንጫም ሆነ ላለመውረድ ውጤቱን የሚጠብቁትን ቡድኖች ሁሉ በተጋጣሚዎቹ ስም ሥር እጽፋለሁ። ዳኛውንም የት እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን የት እንደተወለደ፣ ከየትኛው ቡድን አመራር ጋር በጋብቻ ወይም በአበልጅነት እንደተሳሰረ እጠይቃለሁ። በእኛ አገር አበልጅ ከወንድም አያንስም፤ ቅጹ ግን አይጠይቅም።

ርቀትንም በኪሎ ሜትር መለካት ትቻለሁ። ደብረ ማርቆስና ሞጣ ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ጮቄ ተራራ ስላለ በአስፋልቱ የሚሄድ መኪና በደጀንና በብቸና ይዞራል። ስለዚህ ዳኛውን የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበትና ከ11 ሰዓት በኋላ የመመለሻ መኪና እንዳለ ነው።

ያ ዳኛ ዳኝነቱን አልተወም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ማክሰኞ ስደውልለት በረዳትነት ብቻ እንድመድበው ይጠይቀኛል፤ እስካሁን ዋና ዳኛ ሁን ብዬ ላግባባው አልቻልኩም።