የጳጉሜ አምስት ቀን ወለድ የት ገባ?

የቁጠባና ብድር ማኅበራችንን የብድር መዝገብ ከተረከብኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ደብረ ብርሃን ቁሩ ጀምሯል። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ደርቤ መዝገብ ማገላበጥ ለምጃለሁ። እንደኔ የማኅበር መዝገብ ለመያዝ የምትማሩ ስላላችሁ፣ በዚህ ወር ብዙ ቀን የወሰደብኝን አንድ ጉዳይ ላካፍላችሁ። ጉዳዩ የአጭር ጊዜ ብድር ወለድ ሲታሰብ ቀን እንዴት እንደሚቆጠር ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ አባላችን ብድር ነው። ጋሼ በግ ያደልባሉ። ከመንዝ በኩል ጠቦት ይገዛሉ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ያበላሉ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይሸጣሉ። ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. 60,000 ብር ተበደሩ። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው። መስቀል አለፈና መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋናውን ከነወለዱ ሊመልሱ መጡ።

ወለዱን ቤታቸው አስበውት ነበር የመጡት። «ልጄ፣ የዓመቱ 9,000 ነው። ለ12 ስትካፈይው በወር 750። አራት ወር 3,000፣ አሥሩ ቀን ደግሞ የወሩ ሲሶ ነውና 250። በቃ 3,250 ብር» አሉኝ።

እኔ ደግሞ በኤክሴል አስልቼ ነበር። የኔው 3,300 ይላል። የቀድሞው ሒሳብ ያዥ ትቶልን የሄደውን ቀመር ነበር የተጠቀምኩት። ሦስተኛው የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ቀኑን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ለ365 አካፍለው 3,328 ብር ከ77 ሳንቲም አገኙ። አንድ ብድር፣ ሦስት ድምር። ጋሼ ገንዘቡን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። የትኛውን ደረሰኝ ልቁረጥ? ውሉን አውጥቼ አየሁት። «በዓመት 15 በመቶ» ብቻ ይላል። ቀን እንዴት እንደሚቆጠር አንድ ቃል የለበትም።

ያን ቀን ማታ ሦስቱንም ከመጀመሪያው ሠራኋቸው። የገረመኝ፣ ሦስቱም የማካፈልና የማባዛት ስህተት የለባቸውም። የተለያዩት ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ስለመለሱ ነው። አንደኛው፣ ስንት ቀን አለፈ? ሁለተኛው፣ ዓመቱ ስንት ቀን ነው?

የጋሼ አቆጣጠር እያንዳንዱን ወር 30፣ ዓመቱን 360 ቀን ያደርጋል። በባንክ ሙያ 30/360 ይባላል። ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን ለእጅ ሒሳብ ስለሚመች ነው የተለመደው፤ 360 ለብዙ ቁጥር ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከግንቦት 10 እስከ መስከረም 10 አራት ወር ነው፣ ማለትም 120 ቀን። አሥር ሲጨመር 130። ጳጉሜ እዚህ ውስጥ የለችም። ጋሼ አልረሷትም፤ በዚህ አቆጣጠር ጳጉሜ ወር ስላልሆነች ወለድ አይታሰብባትም።

የሊቀመንበሩ አቆጣጠር ያለፈውን ቀን በሙሉ ይቆጥራል። ከግንቦት የቀረው 20፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ 90፣ ጳጉሜ 5፣ ከመስከረም 20። ድምሩ 135 ቀን ይሆናል። እሱን ለ365 አካፍለው በ9,000 አባዙት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆይቼ የአንድ ቀን ወለድ ስንት እንደሆነ አሰብኩ። ነገሩ የተገለጠልኝ በዚህ ነው። 9,000 ለ360 ሲካፈል በቀን 25 ብር ይሆናል። ለ365 ሲካፈል 24 ብር ከ66 ሳንቲም ገደማ ነው። በሠላሳ ቀን ወር የሚያስብ ሰው ከጳጉሜ ወለድ አይወስድም፤ ነገር ግን የጳጉሜን ድርሻ በሌሎቹ 360 ቀናት ላይ በትንሽ በትንሹ ይበትነዋል። ሙሉ ዓመት ለተበደረ ሰው ለውጥ የለውም። ሁለቱም 9,000 ይመጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ብድሩ ከዓመት ሲያጥር ነው። ያኔ ወሳኙ ጥያቄ ብድሩ ጳጉሜን ያቋርጣል ወይስ አያቋርጥም የሚለው ነው።

የጋሼ ብድር ያቋርጣል። ስለዚህ የሠላሳ ቀኑ ወር 78 ብር ከ77 ሳንቲም ቀነሰላቸው። መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጬ የማያቋርጥ ፈለግሁ። አንዲት እናት ለፋሲካ በግ ለማድለብ እሳቸውም 60,000 ብር ወስደው ነበር፤ ከጥር 5 እስከ ግንቦት 5። በኛ ካላንደር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ በሁለቱም አቆጣጠር 120 ቀን ነው። በ360 ሲሰላ 3,000 ብር፣ በ365 ሲሰላ 2,958 ብር ከ90 ሳንቲም። እትዬ 3,000 ነው የከፈሉት። በአንድ መዝገብ፣ በአንድ የወለድ ምጣኔ፣ ለፋሲካ ያደለበችው 41 ብር ጨምራ ስትከፍል፣ ለእንቁጣጣሽ ያደለበው ወደ 79 ብር ቀንሶ ይከፍላል ማለት ነው። ይሄ ነገር ከብዶኛል። ማንም ሊጎዳት አስቦ አይደለም። ሆኖም በያመቱ የሚጎዱት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱም እዚህ ብድር የሚወሰደው በዓልና ወቅት ተከትሎ ነው።

የኤክሴሉ 3,300 ከየት መጣ? ይህን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቀመሩ ይኸው ነው፤ B1 ዋናው ገንዘብ፣ B2 ምጣኔው፣ B3 እና B4 ቀኖቹ ናቸው።

```
=B1*B2*YEARFRAC(B3,B4)
```

YEARFRAC ሦስተኛ ቁጥር ካልሰጣችሁት ራሱ 30/360ን ይመርጣል። ቀኖቹ የተጻፉት ደግሞ በፈረንጅ ካላንደር ነው፤ ሜይ 18 እና ሴፕቴምበር 30። በፈረንጁ ከሜይ 18 እስከ ሴፕቴምበር 18 አራት ወር፣ ከዚያ 12 ቀን፤ ድምሩ 132። ትክክለኛው 135 ነው። የጠፉት ሦስቱ ቀኖች የሜይ፣ የጁላይና የኦገስት 31ኛ ቀናት ናቸው። በኛ ካላንደር የጠፉት ግን አምስቱ የጳጉሜ ቀናት ናቸው፤ ስለዚህ 130። ወርን 30 ማድረግ በሁለቱም ካላንደር ስሙ አንድ ነው፣ የሚጥላቸው ቀኖች ግን ለየቅል ናቸው። የቀኑ ቁጥር እውነተኛ ሲሆን ግን ካላንደሩ ለውጥ የለውም። በኛም በፈረንጁም 135 ነው። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው፤ ጋሼ በቤታቸው ካላንደር እኔም በኮምፒውተር ቆጥረን አንድ ቁጥር ላይ እንገናኛለን። ቀመሩን እንዲህ አስተካከልኩት፦

```
=B1*B2*YEARFRAC(B3,B4,3)
```

3 ማለት ትክክለኛ ቀን በ365 ነው። 2 ብትጽፉ ደግሞ ትክክለኛ ቀን በ360 ይሆናል። ይሄኛው ለተበዳሪ የሚከብደው ነው። ቀኑን በውዱ 25 ብር ያስከፍላል፣ ጳጉሜንም አይምርም። በዓመት 365 ጊዜ 25፣ ማለትም 9,125 ብር ይሆናል። ውሉ 15 በመቶ ይላል፤ የተከፈለው ወደ 15.2 በመቶ ነው። የዶላር የአጭር ጊዜ ብድር በዓለም ገበያ የሚታሰበው እንዲህ ነው፣ የእንግሊዝ ፓውንድ ግን በ365። ስለዚህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ለተበዳሪው ሳይነገረው ሲቀር ነው ጥፋት የሚሆነው።

በእጃችሁ ያለ አሮጌ ደረሰኝ በየትኛው እንደተሠራ ማወቅ ብትፈልጉ አንድ መፈተኛ አግኝቻለሁ። የተከፈለውን ወለድ ለዓመቱ ወለድ አካፍሉት። ያገኛችሁትን አንዴ በ360፣ አንዴ በ365 አባዙት። ሙሉ ቁጥር የሚወጣው ያ ነው የተጠቀሙበት። 3,300 ለ9,000 ተካፍሎ በ360 ሲባዛ 132 ይመጣል፤ በ365 ሲባዛ 133.83 ይመጣል። እንግዲህ በ360 ነው የተሠራው። ከዚያ 132ን ከካላንደር ጋር ስታስተያዩት ወሩ 30 ተብሎ መቆጠሩን ታያላችሁ። ሳንቲሙ ተጠጋግቶ ከሆነ ወደ ሙሉ ቁጥር በጣም የሚቀርበውን ያዙ። አልፎ አልፎ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፤ ያኔ ከቀኑ ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

በዚህ መፈተኛ የባለፈውን ዓመት ደረሰኞች ሳይ ሌላ ነገርም ተገኘ። ጥቂቶቹ ከትክክለኛው አንድ ቀን ይበልጣሉ። ገንዘቡ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን ሁለቱም ስለተቆጠሩ ነው። ዛሬ ወስዶ ነገ የመለሰ ሰው አንድ ቀን ነው የተበደረው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይቆጠራል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ኮሚቴው ተሰብስቦ 3,250 እንዲከፍሉ ወሰነ። ውሉ ስላልተናገረና ማኅበሩ በእጅ ሲሠራ የኖረው በሠላሳ ቀን ወር ስለሆነ ነው። ልክ ይመስለኛል፤ ብድሩ ከተወሰደ በኋላ አቆጣጠር ተለውጦ ገንዘብ ሊጨመርባቸው አይገባም።

ለአዳዲስ ብድሮች ግን ቅጹ ላይ እንዲገባ የጻፍኩትን መስመር አጽድቀውልኛል፦ «ወለድ የሚታሰበው በትክክለኛው የቀን ብዛት ሲሆን ዓመቱ 365 ቀን ተብሎ ይካፈላል። የጳጉሜ ቀናት ይቆጠራሉ። ብድሩ የወጣበት ቀን አይቆጠርም፣ የተመለሰበት ቀን ይቆጠራል።»

ጋሼ ሲነበብላቸው፣ «ጳጉሜ በሉቃስ ስድስት ስትሆንስ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም ስድስት ቀን ትሆናለች። በጻፍነው መሠረት ስድስተኛዋም ቀን ትቆጠራለች፣ አካፋዩ ግን 365 ሆኖ ይቀራል። 60,000 ብር ሙሉውን ዓመት የያዘ ሰው 24 ብር ከ66 ሳንቲም ይጨምራል። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ «እንግዲያው እሱንም ጻፊው» አሉኝ። ቅጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ።