መልቀቂያዋ በሁለት ቋንቋ

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው አንድ ወረቀት ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር የምትሄድ ነርስ ለምትሠራበት የግል ሆስፒታል በአማርኛና በእንግሊዝኛ የምትጽፈው የሥራ መልቀቂያ። አማርኛው ለሰው ኃይል ክፍልና ለማኅደሯ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ነገ ዩኒቨርሲቲው ወይም ኤምባሲው ሥራዋን መቼና እንዴት እንደለቀቀች ቢጠይቃት የምታሳየው ነው። ሁለቱ አንድ ነገር መናገር ነበረባቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይናገሩም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከማሰሪያ አንቀጹ ነው። እኛ ማመልከቻ ስንጽፍ እጃችን የለመደው «እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ መዝጋት ነው። በእንግሊዝኛው ልማድ ግን ሠራተኛው መልቀቁንና የሚለቅበትን ቀን ያሳውቃል እንጂ አይጠይቅም። ስለዚህ ነርሷ በአንዱ ወረቀት ለቅቃለች፣ በሌላው ገና ፈቃድ እየጠበቀች ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ፈቃድ ይጠይቅ አይልም። ጥያቄ የጻፈ ሰው ግን መልስ ይጠብቃል፤ ኃላፊው ደብዳቤው ጥግ ላይ «ተተኪ እስኪገኝ ትቆይ» ብሎ ቢመራበት ቀኑ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ ብሆን ጉዳዩን «የሥራ ውል ለማቋረጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት» እለው ነበር። ትሕትናው ምስጋናው ላይ ይግባ፤ እዚያ ያምርበታል።

ምክንያቱን ስትጽፍም ጥንቃቄ አለው። «ለከፍተኛ ትምህርት ስለምሄድ» ብላ ከጀመረች አንባቢው የትምህርት ፈቃድ የጠየቀች ሊመስለው ይችላል፤ ያ ደግሞ ተመልሶ የማገልገል ግዴታን የሚያስነሳ ሌላ ጉዳይ ነው። «ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ እለቃለሁ» የሚለው ይቅደም፣ ትምህርቱ ይከተል።

ቃሉ ራሱም ያሳስታል። በአማርኛ «መልቀቂያ» ስንል ነርሷ የምታስገባውን ደብዳቤም፣ ሆስፒታሉ በመጨረሻ የሚሰጣትንም ወረቀት ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው። «መልቀቂያ እንዲሰጠኝ» ብላ ከጻፈች የትኛውን ይሆን? ደብዳቤው ውስጥ ለይታ ብትጽፈው ይሻላል፦ ንብረት አስረክባ የምታስፈርመውን ክሊራንስ አንድ ቦታ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ሌላ ቦታ። አዋጁ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ውጭ አገር የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛም እንዲጻፍላት እዚያው ትጠይቅ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ቀኑ ነው፤ ብዙዎች የሚሄዱት በጳጉሜ ዙሪያ ነውና። ነርሷ ደብዳቤውን ነሐሴ 12 ቀን 2017 አስገባች እንበል፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 18፣ 2025 መሆኑ ነው። ሠላሳ ቀን ስንቆጥር ነሐሴ ሊያልቅ 18 ቀን ይቀረዋል፣ ጳጉሜ 5 ቀን ነበራት፣ የቀሩት 7 ቀናት ከመስከረም ይወሰዳሉ፤ መስከረም 7 ቀን 2018፣ ሴፕቴምበር 17 ላይ ያበቃል። አሁን «30 ቀን» የሚለውን በ«አንድ ወር» ትተካው። አማርኛውን ያነበበ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ይቆጥራል። እንግሊዝኛውን ያነበበ ሴፕቴምበር 18 ይላል፤ በእኛ መስከረም 8 ማለት ነው። አንድ ደብዳቤ ሦስት የመውጫ ቀን ሊኖረው ነው። መስከረም 9 ልትበር ትኬት የቆረጠች ሴት በመስከረም 12 አንባቢ ዓይን ሥራ ጥላ የጠፋች ትሆናለች፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያሟሉ መሄድ ደግሞ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ያስጠይቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «አንድ ወር» የሚለው ከሁለቱም ይውጣ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

የሌሊት ተረኛ ከሆነች ሰዓቱም ይጨመር። ተረኝነቷ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚያበቃ ከሆነ እንግሊዝኛው ላይ 8 ሰዓት ነው፤ 2 ብላ ከገለበጠችው ገና ሌሊት ሳለ ዋርድ ጥላ የወጣች ያስመስላታል። ለነርስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሞርፊንና ፔቲዲን የመሳሰሉ ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች የሚቀመጡበትን ቁልፍ የሚረከበው ሰው መድኃኒቱን ቆጥሮ የሚፈርመው በዚያች ሰዓት ነው፤ አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ቢጎድል የሚጠየቀው በማን ሰዓት እንደጎደለ ነው።

ስሟ በእንግሊዝኛው ፓስፖርቷ ላይ በተጻፈበት ፊደል፣ እስከ አያት ይጻፍ። ሁለቱም ወረቀቶች በአንድ ቀን መዝገብ ቤት ይግቡ፤ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም በእያንዳንዳቸው ላይ ይረፍ፣ የራሷን ቅጂም አስመትታ ትያዝ። እንግሊዝኛውን «ትርጉም ነው» ብለው ማኅተም ሊነፍጓት ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆነ አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፣ ከሁለቱም ግርጌ አንድ ፊርማ ብቻ ይኑር። ያኔ አንዱ ማኅተም ለሁለቱም ይሆናል።