ወሩ ከተዘጋ በኋላ በተሳሳተ የወጪ መደብ ዴቢት የተደረገን ምዝገባ እንዴት አስተካከልኩት

በሒሳብ ሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ ማስታወሻ የማካፍላችሁ በታኅሣሥ ወር ያጋጠመኝንና የማስተካከያ ምዝገባን በትክክል እንድረዳ ያደረገኝን አንድ ስህተት ነው። መሥሪያ ቤታችን ሒሳቡን የሚይዘው ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጠራል። የኅዳር ሒሳብ ታኅሣሥ 8 ቀን ተዘግቶ፣ ሪፖርቱ ታትሞና ተፈርሞ ለሥራ አመራሩ ተሰጥቷል። ስህተቱን ያገኘሁት ከዚያ አምስት ቀን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 19 ቀን ለአንድ ጋራዥ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍያ ተፈጽሟል። የሥራው ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 46,000 ብር፣ ታክሱ 6,900 ብር ነበር፤ የሚቀነሰው ግብር ተቀንሶ ቀሪው በቼክ ተከፍሏል። ምዝገባውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። 46,000 ብሩን ዴቢት ማድረግ የነበረብኝ የተሽከርካሪ ጥገና መደብ በሆነው 6220 ላይ ሲሆን፣ እኔ ግን የሕንፃ ጥገና በሆነው 6210 ላይ አደረግሁት። ሁለቱ መደቦች በዝርዝሩ ላይ ተከታትለው የሚገኙ ከመሆናቸውም በላይ፣ በፋክቱሩ ላይ የተጻፈው «የጥገና አገልግሎት» የሚል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምናገረው አለ። የኅዳርን ትራያል ባላንስ ስዘጋ ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ስለነበሩ ሥራው የተጣራ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ ከአንድ ወጪ ወደ ሌላ ወጪ ሲሳሳት የዴቢቱ ድምር ስለማይለወጥ፣ ትራያል ባላንሱ ይህን ዓይነቱን ስህተት ሊያሳይ አይችልም። የባንክ ማስታረቂያውም ቼኩ በትክክለኛው መጠን ስለወጣ ምንም አይናገርም። ስህተቱ የታየኝ ለሌላ ጉዳይ የእያንዳንዱን መደብ የወር በወር ወጪ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። የሕንፃ ጥገና በየወሩ 9,000 ብር አካባቢ ሆኖ ሳለ ኅዳር ላይ 55,400 ብር ደርሷል፤ የተሽከርካሪ ጥገና ደግሞ ከሌሎቹ ወራት እጅግ ዝቅ ብሎ 12,300 ብር ሆኗል። የ6210ን ሌጀር ከፍቼ የኅዳርን መስመሮች አንድ በአንድ ሳይ የጋራዡን ስም አገኘሁት።

በመጀመሪያ ያሰብኩት መንገድ ቀላሉን ነበር። ፒችትሪ በ Tasks > System > Change Accounting Period በኩል ወደ ኅዳር እንድመለስ ስለሚፈቅድልኝ፣ ዋናውን ምዝገባ ከፍቼ 6210 የሚለውን 6220 ብዬ ልለውጥ ተነሣሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን ለዋናዋ የሒሳብ ኃላፊያችን አሳየኋቸው። እሳቸውም የተፈረመውን ሪፖርት ከመደርደሪያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ኅዳር ተፈርሞበታል፤ የተፈረመበትን ወር አትንኪው። ዛሬ ብትለውጪው ነገ ይህን ወረቀት ከኮምፒዩተሩ ጋር ማን ያስታርቀዋል?» አሉኝ።

ይህን ካሉኝ በኋላ ለራሴ በደንብ አሰብኩበት። ዋናውን ምዝገባ ብለውጠው ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው የኅዳር ሒሳብ በሥራ አመራሩ እጅ ካለው የተለየ ይሆናል፤ ለውጡ መቼ፣ በማንና ለምን እንደተደረገ የሚያስረዳ ሰነድም በፋይሉ ውስጥ አይኖርም። ቫውቸሩ ላይ በተቆጣጣሪና በአጽዳቂ ፊርማ የጸደቀው መደብ 6210 ሆኖ ሳለ ሌጀሩ 6220 ይላል። ኦዲተር ከቫውቸሩ ተነሥቶ ወደ ሌጀር ሲሄድ መስመሩን ቢያጣው፣ ጥያቄው ከመደብ ስህተት አልፎ የመዝገብ መነካካት ይሆናል። ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ መመለስን መፍቀዱ የሚያሳየው በሩ አለመቆለፉን ብቻ ነው፤ ወሩ መዘጋቱን የሚያረጋግጠው የሪፖርቱ መፈረምና መተላለፉ ነው።

ስለዚህ ማስተካከያው ክፍት በሆነው ወር፣ ማለትም በታኅሣሥ፣ በጆርናል ቫውቸር እንዲሠራ ተወሰነ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ምዝገባውን በሙሉ ገልብጦ እንደገና መመዝገብ ይሻላል ወይስ የተሳሳተውን መስመር ብቻ ማዛወር የሚለው ነበር። እኔ ሙሉ በሙሉ መገልበጡ ጥርት ያለ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ሆኖም ዋናውን ምዝገባ ብገለብጠው የባንኩን፣ የግብዓት ታክሱንና የተቀነሰውን ግብር መስመሮችም አብሬ አንቀሳቅሳለሁ። እነዚህ መስመሮች ምንም ስህተት አልነበረባቸውም፤ የኅዳር የታክስ ማሳወቂያም በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ገብቷል። በታኅሣሥ የባንክ ሌጀር ላይ አንድ ገቢና አንድ ወጪ የሚመስሉ፣ በባንክ መግለጫው ላይ ግን የሌሉ ሁለት መስመሮች ይፈጠሩና በማስታረቂያው ላይ ያስቸግራሉ። የተሳሳተው የዴቢት መስመር ብቻ ከሆነ መነካት ያለበትም እሱ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 14 ቀን Tasks > General Journal Entry ከፍቼ ያስገባሁት ይህ ነው፦

6220 የተሽከርካሪ ጥገና፣ ዴቢት 46,000
6210 የሕንፃ ጥገና፣ ክሬዲት 46,000

የገንዘቡ መጠን 46,000 ብር መሆኑን ልብ በሉ፤ በፋክቱሩ ግርጌ ያለው 52,900 ብር አይደለም። ታክሱ በራሱ መደብ በትክክል ስለተመዘገበ ከወጪው ጋር ተደባልቆ መዛወር የለበትም። በማብራሪያው ላይ «ኅዳር 19 ቀን በቼክ መክፈያ ቫውቸር የተከፈለው የተሽከርካሪ ጥገና ወጪ በስህተት በመደብ 6210 ስለተመዘገበ ወደ መደብ 6220 ለማዛወር» ብዬ የዋናውን ቫውቸር ቁጥር ጨመርኩበት። «ለማስተካከያ» የሚል ማብራሪያ ብቻ ያላቸው የቆዩ ጆርናሎች በፋይላችን ውስጥ አይቻለሁ፤ ምን እንደተስተካከለ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከጆርናል ቫውቸሩ ጋር የዋናውን ቫውቸርና የፋክቱሩን ቅጂ፣ እንዲሁም ስህተቱ የሚታይበትን የሌጀር ገጽ አያያዝኩ። በዋናው ቫውቸር ላይ የተጻፈውን መደብ አልሰረዝኩም፣ በነጭ ቀለምም አልሸፈንኩም፤ ከጎኑ ብቻ በየትኛው ጆርናል ቫውቸርና በምን ቀን እንደተስተካከለ ጽፌ ፈረምኩበት። ኃላፊዋም ጆርናሉን አይተው አጸደቁት።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አደጋ ዴቢቱንና ክሬዲቱን ማገላበጥ ነው። የወጪ መደብን መቀነስ ማለት ክሬዲት ማድረግ መሆኑን እያወቀም እጅ በልማድ በተሳሳተው መደብ ላይ እንደገና ዴቢት ይጽፋል፤ ስክሪኑም Out of Balance የሚለው ዜሮ እስከሆነ ድረስ አይከለክልም። ያን ጊዜ ስህተቱ ከመጥፋት ይልቅ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከማስገባቴ በፊት የሁለቱንም መደቦች የሚጠበቅ ውጤት በወረቀት ላይ አሰላሁ። በኅዳር መጨረሻ የሕንፃ ጥገና ከሐምሌ ጀምሮ የተጠራቀመው 91,200 ብር፣ የተሽከርካሪው ደግሞ 148,700 ብር ነበር። ማስተካከያው ሲገባ የመጀመሪያው ወደ 45,200 መውረድ፣ ሁለተኛው ወደ 194,700 መውጣት አለበት፤ የሁለቱ ድምር ግን ከማስተካከያው በፊትም በኋላም 239,900 ነው። የታኅሣሥን መደበኛ ወጪዎች፣ ማለትም ለሕንፃ 8,600 እና ለተሽከርካሪ 17,500 ብር ጨምሬ፣ ወሩ ሲያልቅ ሌጀሩ 53,800 እና 212,200 ማሳየት እንዳለበት ጻፍኩ። ሲታተም ልክ ያንኑ አገኘሁ። አገላብጬው ቢሆን ኖሮ የሕንፃ ጥገናው 145,800 ሆኖ ይወጣ ነበር።

የዚህ መንገድ ድክመት ግን በወሩ ዓምድ ላይ ይታያል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አንባቢን ያሳስታል። በታኅሣሥ ብቻ ሲታይ የሕንፃ ጥገና 8,600 ሲቀነስ 46,000፣ ማለትም ከዜሮ በታች 37,400 ብር ይሆናል፤ የተሽከርካሪ ጥገና ደግሞ 63,500 ብር ያሳያል። ሁለቱም የወሩን እውነተኛ ወጪ አይገልጹም። ትክክል የሆነው ከሐምሌ ጀምሮ ያለው የተጠራቀመ ድምር ነው። ስለዚህ ከታኅሣሥ ሪፖርት ጋር፣ 46,000 ብሩ የኅዳር መሆኑንና ያለማስተካከያው የሁለቱ ወራት ወጪ ስንት እንደሚሆን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ማስታወሻ አያያዝን። የትራንስፖርት ክፍሉ በጀት በየወሩ ስለሚገመገም፣ ይህ ማስታወሻ ባይኖር በታኅሣሥ ያልተደረገ ጥገና ይጠየቁበት ነበር።

ስህተቱ በሰኔ ተሠርቶ በነሐሴ ቢገኝ ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን እንደነበር ኃላፊያችን አስረድተውኛል። ዓመቱ ሲዘጋ የወጪ መደቦች ወደ ተጠራቀመ ትርፍ ተዘግተው በዜሮ ይጀምራሉ። በአዲሱ ዓመት ይህንኑ ጆርናል ብናስገባ ትክክል የነበሩትን የአዲሱን ዓመት ሁለት መደቦች እናበላሻለን እንጂ ያለፈውን አናስተካክልም። ሁለቱም ወጪዎች ስለሆኑ የዓመቱ ትርፍ አይለወጥም፤ መጠኑ ውሳኔን የሚያስለውጥ ከሆነ ግን በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ አይ.ኤ.ኤስ. 8 መሠረት የሚስተካከለው ለንጽጽር የሚቀርበው ያለፈው ዓመት አኃዝ ነው። ስህተቱ በወጪና በቋሚ ንብረት መካከል ቢሆን፣ ለምሳሌ ሞተር መቀየር እንደ ተራ ጥገና ቢመዘገብ፣ ትርፉም፣ የእርጅና ተቀናሹም፣ የትርፍ ግብሩም ስለሚነኩ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ የወር በወር ማነጻጸሪያውን የማወጣው ወሩ ከመዘጋቱ በፊት ሆኗል። የታኅሣሥን ሒሳብ ልንዘጋ ስንል ከሕትመት ወጪ ጋር የተቀላቀለ የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ በዚሁ መንገድ አገኘሁ። ሪፖርቱ ገና ስላልታተመና ቫውቸሩም ወደ አጽዳቂ ስላልሄደ፣ ጆርናል ሳያስፈልገው ዋናውን ምዝገባ ከፍቼ መደቡን አስተካከልኩት።